«ተስተካክሏል» የተባለው ልዩነት ከሪፖርቴ ሊወጣ ሲል

ኢንቮይስና ሌጀር አልገጥም ሲሉ ለቦርድ እንዴት እንደሚጻፍ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ጭቅጭቅ ይቀርልኝ ነበር። ስለዚህ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

የኦዲት ፍተሻው ቀላል ነበር። ከሌጀሩ 60 የግዢ ምዝገባዎችን በዘፈቀደ መርጠን እያንዳንዱን ከኢንቮይሱ ድምር ጋር አመሳከርን። የናሙናው ዋጋ 2 ሚሊዮን፣ የዓመቱ ግዢ በሙሉ ደግሞ 40 ሚሊዮን ነበር። 56ቱ ገጠሙ። በአራቱ ግን ሌጀሩ ከኢንቮይሱ በድምሩ 30 ሺህ በልጦ ተገኘ።

ጣጣው የመጣው ረቂቁን ለፋይናንስ ኃላፊው ስሰጥ ነው። በማግስቱ «አራቱንም አስተካክለናል፤ ከሪፖርቱ ይውጣ» አለኝ። የማስተካከያ ቫውቸሮቹንም ደርድሮ አሳየኝ። እውነትም ተስተካክለዋል። ግን ያስተካከለው እኔ ያየሁትን ብቻ ነው! ናሙና የሚወሰደው ስላልታየው ለማወቅ ነው። 30 ሺህ ከ2 ሚሊዮን 1.5 በመቶ ነው፤ በ40 ሚሊዮኑ ላይ ሲሰላ ስህተቱ ወደ 600 ሺህ ይገመታል። 30 ሺው ቢነሳ እንኳ 570 ሺህ ይቀራል። ለኦዲቱ ያስቀመጥነው የጉልህነት ወሰን፣ ማለትም ስህተት ከዚያ ካለፈ ችላ የማይባልበት መጠን፣ ደግሞ 500 ሺህ ነበር።

ይህን ሳስረዳው «አጋጣሚ ነው» ወደሚል ዞረ። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። ዓለም አቀፉ የናሙና ኦዲት ስታንዳርድ፣ ቁጥር 530፣ አንድን ስህተት እንደ ልዩ አጋጣሚ መቁጠር የሚፈቅደው እጅግ አልፎ አልፎ፣ ያውም ተጨማሪ ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ማስረጃ አላመጣም፤ ስለዚህ ምክንያቱን ራሴ ፈለግሁ።

አንዱ የቁጥር መገለባበጥ ነበር፦ 4,500 የሚለው 5,400 ተብሎ ገብቷል። ልዩነቱ 900 ነው፤ ለ9 ያለ ቀሪ ሲካፈል መገለባበጥን ጠርጥሩ። ሦስቱ ግን አንድ ዓይነት ናቸው። ዕቃው ሲገባ ሲስተሙ በግዢ ትዕዛዙ ዋጋ ይመዘግባል፤ አቅራቢው በኋላ ዋጋ ቀንሶ ኢንቮይስ ሲልክ ሌጀሩን የሚያስተካክል የለም። እንዲህ ያለ ስህተት ዋጋ በተቀነሰ ቁጥር ይደገማል።

የሪፖርት ቅጻችን የተገኙትን ልዩነቶች ከፊት፣ ግምቱን አባሪ ላይ አስቀምጡ ይላል። እኔ አልተከተልኩትም። የቦርድ አባል አባሪ አያነብም። 600 ሺውን የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጻፍኩ፤ ግምት መሆኑን፣ በ60 ኢንቮይስ ላይ የቆመ መሆኑንም ጨመርኩ። ምክንያቱ ተከተለ፣ ከዚያ የኃላፊው መልስ በራሱ ቃል። «ተስተካክሏል» ሲል የቱን ማለቱ እንደሆነ በቁጥር አስጻፍኩት፦ ከ60ው አራቱ፣ ከ600 ሺው 30 ሺህ።

ቦርዱ ከትዕዛዙ ያነሰ ዋጋ የመጣባቸው ኢንቮይሶች በሙሉ እንዲመረመሩ አዘዘ። 520 ሺህ ትርፍ ምዝገባ ተገኘ፤ ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊትም ተስተካከለ። በዚያ ሪፖርት ዛሬም እኮራለሁ።