የጠዋቱ መግቢያ ሰዓት ሳይመዘገብ ሲቀር የቀሩትን መስመሮች አትሰርዙ

የሥራ ሰዓትን በድረ ገጽ ላይ መመዝገብ በራሱ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ጠዋት ገጹን ከፍተው በይለፍ ቃል ይገባሉ፤ Clock In የሚለውን ቁልፍ ይጫናሉ፤ ለምሳ ሲወጡ Clock Out፣ ሲመለሱ Clock In፣ ማታ ደግሞ Clock Out ይላሉ። ሥራ ከጀመሩ በኋላ ዘግይተው የተጫኑ እንደሆነም መፍትሔው አጭር ነው። የዕለቱን መስመር ከፍተው ሰዓቱን ያርማሉ፣ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፈው ለቅርብ ኃላፊዎ ይልካሉ። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን መግቢያው ጨርሶ ሳይመዘገብ የሚቀርበት ቀን ነው፤ ያ ቀን አንድ መስመር የጎደለው ቀን ብቻ ይመስላል እንጂ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያዛባል፣ ይህንንም አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ገጹ ካለፈው ቀን ጀምሮ ክፍት ስለነበር ቁልፉን ተጫንኩ። ገጹ ወዲያው ወደ መግቢያው ተመልሶ ስምና የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ አስገባሁ፣ ዋናው ገጽ መጣ፣ ሥራዬን ጀመርኩ። ገጹ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ከቆየ ሲስተሙ ተጠቃሚውን በራሱ ያስወጣዋል፤ በዚያ ሁኔታ የተጫነ ቁልፍ ደግሞ ወደ ሲስተሙ ቢላክም ላኪው ያልታወቀ ሆኖ ይጣላል። በትክክል የተሠራ ሲስተም ከገቡ በኋላ የተጣለውን ጥያቄ መልሶ ይልከው ወይም ቢያንስ «አልተመዘገበም» ብሎ ይናገር ነበር። የእኛው ሁለቱንም አያደርግም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ቁልፉ አንድ ብቻ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሲስተሙ የመጨረሻውን መስመር ያያል፤ የመጨረሻው መውጫ ከሆነ ቁልፉ ላይ Clock In ይጽፋል፣ መግቢያ ከሆነ Clock Out ይጽፋል። ስለዚህ የጠዋቱ መግቢያ ከጠፋ በ12:30 ለምሳ ስወጣ የተጫንኩት መግቢያ ሆኖ ተጻፈ፤ በ13:15 ስመለስ የተጫንኩት መውጫ ሆነ፤ በ17:05 ወደ ቤቴ ስሄድ የተጫንኩት ደግሞ እንደገና መግቢያ ሆነ። ይህ የመጨረሻው መግቢያ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት አደረ፤ ረቡዕ በ07:58 ስደርስ የተጫንኩት ቁልፍ ነው የዘጋው። በሲስተሙ ዓይን ማክሰኞ የሠራሁት የምሳ ሰዓቴን 45 ደቂቃ እና የሌሊቱን 14 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ነው። በጠቅላላው 15 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ማለት ነው። ረቡዕ ረፋድ ላይ ስለ ትርፍ ሰዓት የማስጠንቀቂያ መልእክት ሲደርሰኝ ነው ነገሩ የታወቀኝ።

የሰው ኃይል ክፍል ባለሙያዋ ያሉኝ የመመሪያውን ቃል ነው፦ «የጎደለውን መግቢያ ይጨምሩ፣ ሲስተሙ ራሱ ያስተካክለዋል።» ጨመርኩ። አላስተካከለውም፤ ሊያስተካክለውም አይችልም ነበር። እያንዳንዱ መስመር ከሰዓቱ ጋር መግቢያ ወይም መውጫ መሆኑ አብሮ ተጽፎ ይቀመጣል፤ አዲስ መስመር ከላይ ሲጨመር የታችኞቹ ዓይነት አይቀየርም። ስለዚህ የማክሰኞ መዝገብ ሁለት መግቢያ በተከታታይ ያለበት ሆነ፤ የመጀመሪያው መውጫ ስለሌለው Missed Punch የሚል ቀይ ምልክት አገኘ፣ ድምሩም ከነበረበት አንድ ደቂቃ እንኳ አልተነቃነቀም። ይባስ ብሎ የቅርብ ኃላፊዬ ጥያቄውን ድምሩን ሳያዩ አጸደቁት፤ የጸደቀ ቀን ደግሞ ይቆለፋል፣ ኃላፊው ራሳቸው ማጽደቁን ካልመለሱት በቀር ሠራተኛው ሊነካው አይችልም። ቀይ ምልክት ያለበትን ቀን ያለ ምንም ጥያቄ እንዲጸድቅ የሚፈቅድ ሲስተም ምን ለመቆጣጠር እንደተሠራ እስካሁን አልገባኝም።

የሰው ኃይል ባለሙያዋ ሁለተኛ ምክር ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ የሁለቱንም ቀን መስመሮች ሰርዤ ሁሉንም በእጄ እንደ አዲስ እንድጽፍ ነገሩኝ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህንኑ እንደሚመክሩ ከሥራ ባልደረቦቼ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ቁልፍ ተጭነው የተመዘገበ ሰዓት የሲስተሙ የራሱ ሰዓት ነው፤ ከእርስዎ ኮምፒውተር እንኳ አይወሰድም፣ በመዝገቡም ምንጩ «ሲስተም» ተብሎ ይቀመጣል። በእጅ የተጻፈ ሰዓት ግን የሠራተኛው ቃል ነው። በእኔ መዝገብ የጠፋው ሰዓት አንድ ብቻ ነበር፤ የቀሩት ሰዓቶች በሙሉ እውነተኛና በሲስተሙ የተጻፉ ናቸው፣ የተሳሳተው ስማቸው ብቻ ነው። እነርሱን ሰርዤ በእጄ ብጽፋቸው ኖሮ አንድ ማስረጃ የሚሻ ሰዓት የነበረበትን መዝገብ ሁሉም ሰዓቱ ማስረጃ የሚሻ አደርገው ነበር። የተሰረዘውም ቢሆን ከለውጦች ታሪክ አይጠፋም፤ ከወራት በኋላ መዝገቡን የሚመረምር ሰው የሚያየው አንድ ሠራተኛ የሁለት ቀን መዝገቡን ደምስሶ በራሱ ሰዓት መተካቱን ነው።

ስለዚህ ያደረግሁት ይህ ነው። ኃላፊዬ ማጽደቃቸውን እንዲመልሱ ጠየቅሁ፤ መለሱትም። ከዚያም በአንድ የማስተካከያ ጥያቄ ውስጥ የማክሰኞን 12:30 ከመግቢያ ወደ መውጫ፣ 13:15ን ከመውጫ ወደ መግቢያ፣ 17:05ን ከመግቢያ ወደ መውጫ፣ የረቡዕን 07:58 ደግሞ ከመውጫ ወደ መግቢያ ለወጥኩ፤ ከሰዓቶቹ አንዱንም አልነካሁም። የጎደለውን የጠዋት መግቢያ በተመለከተ ቀደም ብዬ የጨመርኩትን መስመር 07:57 አድርጌ አረምኩት። አዲሱ ድምር ከ07:57 እስከ 12:30 ባለው 4 ሰዓት ከ33 ደቂቃ፣ ከ13:15 እስከ 17:05 ባለው 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ በአንድነት 8 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ሆነ። ለውጦቹን አንድ በአንድ መላክ አይሠራም፤ አንዱ ብቻውን ሲታይ ሁልጊዜ ሁለት መግቢያ ወይም ሁለት መውጫ በተከታታይ ስለሚፈጥር ወይ ሲስተሙ ይመልሰዋል ወይ አጽዳቂው ግራ ይጋባል።

ሰዓቱን 07:57 ያልኩት በግምት አይደለም። ሲስተሙ ቁልፉን በጣለበት ቅጽበት የይለፍ ቃል እንዳስገባ አስገድዶኛል፤ ያ መግባቴ ደግሞ በመለያዬ የመግቢያ ታሪክ ውስጥ 07:57 ተብሎ ተመዝግቧል። ቁልፉን የተጫንኩት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ነገር ግን በማስረጃ ሊደገፍ ለሚችለው ሰዓት ስል የቀረችውን ተውኳት። ለኃላፊ 08:00 ብሎ ክብ ቁጥር ከመጻፍ ይልቅ የተመዘገበ ደቂቃ መጻፍ ጥያቄውን በጣም ያቀለዋል። የመግቢያ ታሪኩ በራስዎ ገጽ የማይታይ ከሆነ የኮምፒውተር ክፍሉን ይጠይቁ፤ የሰው ኃይል ባለሙያዋ ይህ መረጃ መኖሩን አያውቁም ነበር፣ ስነግራቸውም «እንዲህ ያለ ማስረጃ በመመሪያው የለም» ነው ያሉኝ። በኋላ ግን ተቀበሉት።

አንድ ሌላ የተከራከርንበት ነገር አለ። ጉዳዩ እስኪስተካከል ድረስ ቁልፉን መጫን እንዳቆም ታዝዤ ነበር፤ ረቡዕ ለምሳ ስወጣ ቁልፉ Clock In ይል ስለነበር መጫን ስሕተቱን ያበዛል ተባልኩ። እኔ ተጫንኩት። ስሙ በኋላ ይታረማል፤ ያልተጫነ ሰዓት ግን ከየትም አይመጣም። በዚያ ቀን ባልጫን ኖሮ የምሳ መውጫዬን፣ መመለሻዬንና የማታ መውጫዬን በሙሉ በቃሌ ማስረዳት ይኖርብኝ ነበር። እነዚያንም የረቡዕ መስመሮች ስማቸውን ብቻ እየለወጥኩ በዚያው ጥያቄ ውስጥ አካተትኳቸው። ጥያቄው ሲጸድቅ የመጨረሻው መስመር መውጫ ስለሆነ በማግስቱ ቁልፉ በራሱ ወደ ትክክለኛው ስም ተመልሷል።

ጊዜውን በተመለከተ መመሪያው ማስተካከያዎች የክፍያው ጊዜ ሊያበቃ ሲል ተጠራቅመው እንዲቀርቡ ይላል። ይህን አትስሙ። የክፍያው ጊዜ ከተዘጋ በኋላ የጸደቀ ለውጥ ብዙ ጊዜ በዚያው ደመወዝ ላይ አይገባም፤ ልዩነቱ በሚቀጥለው ክፍያ ላይ ይታሰባል፣ በመካከሉ ያልተሠራ የትርፍ ሰዓት ከተከፈለዎት ደግሞ መልሰው እንዲከፍሉ ይጠየቃሉ። ከጸደቀም በኋላ ነገሩ አለቀ አይባልም። በማግስቱ የቀኑን ድምር ከፍቼ 8 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ማለቱን፣ ቀይ ምልክቱም መጥፋቱን አይቻለሁ፤ ድምሩ በገጹ ላይ ታርሞ ወደ ደመወዝ ክፍል የተላለፈው ግን የድሮው ሆኖ የቀረባቸው ባልደረቦች ስላሉኝ የደመወዝ ዝርዝሩ ሲወጣም ሁለተኛ አመሳከርኩ።

አሁን ጠዋት ቁልፉን ከተጫንኩ በኋላ የምመለከተው ቁልፉን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ዝርዝር ነው፤ የዛሬው ቀንና ሰዓት በአዲስ መስመር ካልታየ አልተመዘገበም። ከዚያም አልፎ ጠዋት ስደርስ ቁልፉ Clock Out የሚል ከሆነ ከትናንቱ አንድ መስመር መጉደሉን ስለምረዳ ሌላ ሰዓት ሳይጨመርበት የትናንቱን መዝገብ እከፍታለሁ።

የማስተካከያ ቅጹ እስካሁን አልተለወጠም። በምክንያት ዝርዝሩ ውስጥ «ረስቼ ነው»፣ «ዘግይቼ ነው» እና «ሌላ» ብቻ አሉ፤ ሲስተሙ ራሱ ጥያቄውን ጥሎት ይሆናል የሚል ምርጫ የለም። ባለሙያዋ «ረስቼ ነው» የሚለውን ብመርጥ በፍጥነት እንደሚያልፍልኝ ነግረውኝ ነበር። «ሌላ» የሚለውን መርጬ «በ07:57 የገባሁበት ታሪክ እንደሚያሳየው ቁልፉ በተጫነበት ጊዜ ገጹ አስወጥቶኝ ነበር» ብዬ ጻፍኩ፤ ሲዘገይ ዘገየ እንጂ እንደዚያው ሆኖ ጸድቋል።