አንቺስ የቱን ሠራሽ?

ዝናቡ ሳያባራ ዋለ፤ እኔም ያለ ምክንያት ሆድ ብሶኝ ተኝቼ ነበር። ታናሼ ገብታ፣ «በቡድን ስትሠሪ ያጋጠመሽን ችግር እንዴት እንደፈታሽ ንገሪን ቢሉኝ ምን ልበል?» አለችኝ። ሰኞ የባንክ ቃለ መጠይቅ አላት። ገና ተመራቂ ስለሆነች የምታወራው ስለ ቀይ መስቀል ክበቡ ብቻ ነው።

«ደም ልገሳ አዘጋጀን፤ ተማሪውን ቀሰቀስን፤ ብዙ ሰው ለገሰ» ብላ ጨረሰች። በዚህ ሁሉ ውስጥ እሷ የለችም። «እኔ ሠራሁ» ማለት ጉራ እየመሰለን ነው ያደግነው፤ ጠያቂው ግን የሚመዝነው ክበቡን ሳይሆን እሷን ነው። «አንቺስ የቱን ሠራሽ?» ብሎ ከደገመ መልሱ ጎድሏል ማለት ነው።

ሁኔታ፣ ኃላፊነት፣ እርምጃ፣ ውጤት የሚባለው አካሄድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ደቂቃ ከተናገረች፣ ሁኔታውና ኃላፊነቷ በሦስት ዓረፍተ ነገር ማለቅ አለባቸው። ስለ ክበቡ አመሠራረት ማንም አልጠየቃትም። ስለዚህ ከችግሩ እንድትጀምር ነገርኳት፦ «ባለፈው ዙር ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ሳይለግሱ ተመለሱ፤ የቀጣዩ ዙር ምዝገባ የእኔ ኃላፊነት ነበር።»

ትልቁ ድርሻ የእርምጃው ነው፤ እሱን ለማውጣት ደጋግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ለካ የድሮውን መዝገብ አገላብጣ ሰዎቹ ለምን እንደተመለሱ ለይታ ኖሯል፦ ገሚሱ ቁርስ ሳይበላ የመጣ፣ ገሚሱ ከ45 ኪሎ በታች። ከዚያ ዋዜማውን በየዶርሙ እየዞረች ክብደት ጠየቀች፤ «ቁርስ በልታችሁ ኑ» አለች፤ የጠዋት ላቦራቶሪ ያለባቸውን ወደ ከሰዓት አዛወረች። ይህን ሁሉ «ቀሰቀስን» በሚል አንድ ቃል ሸፍናው ነበር! መዝገብ አገላብጦ ምክንያት መለየት ባንኩ የሚፈልገው ችሎታ አይደለም እንዴ?

ውጤቱ ላይ «የብዙ ሰው ሕይወት አዳንን» ልትል ፈለገች። አይሆንም አልኳት። ደሙ ለማን እንደተሰጠ ክበቡ አያውቅም፤ «እንዴት አወቅሽ?» ቢሏት መልስ የላትም። ለአሁኑ ጸሐፊ ደውላ ሁለቱን መዝገቦች አስቆጠረች፦ መጀመሪያ ከ60 ተመዝጋቢዎች 23 ተመልሰው ነበር፤ በእሷ ዙር ከ64 የተመለሱት 9 ናቸው። ቁጥር ባይገኝ ኖሮ እንኳ፣ የእሷን የምዝገባ ቅጽ ቀጣዩ ኮሚቴ እስካሁን መጠቀሙ ራሱ ውጤት ነው።

ከዚያ ዝም አለችና፣ «ቀኑን ከጾሙ ወቅት ያወጣው እኮ ሊቀመንበሩ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ብዙዎቹ ቁርስ በልተው የመጡት በእሱም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለ እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድትጨምር ተስማማን። ግን ከመመለስ ከዳኑት መካከል ስንቶቹ የእሷ፣ ስንቶቹ የእሱ ናቸው? ብትጠየቅ ምን ትበል?