የ30 ሰከንዱ ማስታወቂያ እና የስልክ ቁጥሩ ጣጣ

መርካቶ ላለው የአጎቴ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከትምህርት መጀመሪያ በፊት የሚተላለፍ የሬዲዮ ማስታወቂያ ጽፌ ነበር። ጣቢያው የሰጠን መመሪያ 30 ሰከንድ 75 ቃል ይይዛል ይላል፤ በአማርኛ ግን ይህ አይሠራም። ቃሎቻችን ረጃጅም ስለሆኑ፣ ሳይጣደፍ የሚነበብ ጽሑፍ ከ50 እስከ 55 ቃል ቢሆን ይበቃዋል፤ ቆጠራውን ትታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በሰዓት አንብቡት።

መግቢያው «በጥራቱና በታማኝነቱ የብዙኃንን አመኔታ ያተረፈው መደብራችን መጪውን አዲስ ዓመት ምክንያት በማድረግ ለውድ ደንበኞቹ ታላቅ ቅናሽ ማድረጉን በደስታ ይገልጻል» ይል ነበር። አሥር ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ቅናሹ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። በሙሉ አውጥቼ «አንድ ደርዘን ደብተር ሲገዙ ሁለት ደብተር በነፃ፤ እስከ ጳጉሜን 5 ብቻ» በሚል ተካሁት። የዕቃዎቹን ዝርዝርና የቢሮውን መደበኛ ስልክ ሰረዝሁ፤ ከአድራሻው አንድ ታዋቂ ምልክት ብቻ አስቀረሁ። ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ጊዜ ለሞባይል ቁጥሩ ሰጠሁ፤ ሁለት ጊዜ ሲነበብ አሥር ሰከንድ ይፈጃል፣ ይገባዋልም።

ነገሩ የተበላሸው ቀረጻው ላይ ነው። ቁጥሩ ውስጥ 60 ስላለ «ስድስት፣ ዜሮ» ተብሎ በተናጠል እንዲነበብ በጽሑፉ ላይ አስፍሬ ነበር፤ ምክንያቱም «ስድሳ» እና «ሠላሳ» ከሙዚቃ ጋር፣ በታክሲ ውስጥ ጫጫታ መሐል ሲሰሙ አይለዩም። የማስታወቂያ ክፍሉ ሠራተኛ ግን ቁጥር የሚነበበው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው፣ አሠራራችን ይህ ነው ብሎ እምቢ አለ። ይባስ ብሎ መደበኛው ስልክ ካልተጨመረ «ማስታወቂያው ጎደሎ ይመስላል» ሲል አጎቴን አሳመነው። ቀረጻው ከ30 ሰከንድ ሲያልፍ ደግሞ አንድም ቃል ሳይቀንሱ ድምፁን በኮምፒውተር አፋጥነው አሳጠሩት፤ ጠብቀው መነበብ ያለባቸው ፊደላት ላልተው ወጡ፣ ሁለቱ ስልኮችም ተከታትለው አንድ ረጅም የቁጥር ሰንሰለት ሆኑ። ማስታወቂያው መተላለፍ ሲጀምር ደንበኞች በ60 ፈንታ 30 እየደወሉ አንድ የማናውቀውን ሰው አስቸገሩ። ይህን ያወቅነው አንድ የቆየ ደንበኛ መደብሩ ድረስ መጥቶ ሲነግረን ነው። ቅናሹን በትክክል አስታውሶት ነበር፤ የጠፋው ቁጥሩ ብቻ ነው። አስቀድሞ በጽሑፍ የተነገራቸው ነገር ስለነበር እስካሁን ያናድደኛል።

በድጋሚ ያስቀረጽነው በራሴ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ስልክ ብቻ፣ 60ው በተናጠል፣ ቁጥሩ ሲነበብ ሙዚቃው ዝም ብሎ። ከመተላለፉ በፊት ለአክስቴ ወጥ እየሠሩ ሳሉ አንድ ጊዜ ብቻ አሰማኋቸውና ጥቂት ቆይቼ ስጠይቃቸው ቅናሹንና ቁጥሩን ሳይሳሳቱ ነገሩኝ። እናንተም ጽሑፉን ለማያውቅ ሰው ሥራ ላይ እያለ አሰሙት፤ ቁጥሩ ካልተያዘለት ከሌላው ጽሑፍ ላይ ቁረጡ እንጂ አንባቢውን አታጣድፉ። ክፍያውንም የተቀረጸውን ድምፅ ሰምታችሁ ሳታጸድቁ አትፈጽሙ።