ቶርኖው ላይ የነበረው ሻይ

ድሬዳዋ ውስጥ የመገናኛ ብዙኃን ትምህርት ሳስተምር ለዓመታት ሳልቀይር የያዝኳት አንዲት ጥያቄ ነበረች፦ «የፊልሙ ዋና መልእክት ምንድን ነው?» ስለ አሮጌው ባቡር የተሠራ የ14 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ለ41 ተማሪዎች አሳይቼ ይህችኑ ጠየቅሁ። መልሱን ሳርም ደነገጥሁ። ከ30 የሚበልጡት የጻፉት የተራኪውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አንዳንዶቹማ ቃል በቃል። እነርሱ ምንም አላጠፉም። ፊልሙ የነገራቸውን መልሰው እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው፣ ነገሩኝ።

ወረቀቱን በምመልስበት ቀን ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሰው የለም የሚለው ቦታ ላይ ሻይ አለ» አለችኝ።

ፊልሙን ወደ ኋላ መለስን። ትዕይንቱ 22 ሰከንድ ነው። ካሜራው የባቡሩን ወርክሾፕ ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ያልፋል፣ ዋሽንት ከሥር ይሰማል፣ ተራኪውም ማሽኖቹ ከቆሙ እንደሰነበቱና ባለሙያዎቹም እንደተበተኑ ይናገራል። ምስሉን አቁመን ቀረብ ብለን አየነው። አንድ ቶርኖ ጠርዝ ላይ ግማሹ የተጠጣ ሻይ ተቀምጧል፤ እንፋሎቱ ገና ይወጣል። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ሁለት ቱታዎች ተሰቅለዋል። ከጣሪያው ክፍተት የሚገባው ፀሐይ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ያርፋል። ለድሬዳዋ ልጅ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ቀትር ነው፤ ከሙቀቱ የተነሣ ሥራ የሚቋረጥበት ሰዓት።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ፊልሙ ውሸት ነው!» አለ። እዚህ ላይ መቆም ቀላል ነበር፤ ግን ይህም እንደ ተራኪው መቸኮል ይሆንብናል። ትኩስ ሻይ በዚያች ሰዓት አንድ ሰው በአቅራቢያው እንደነበረ ይመሰክራል። ማሽኑ ስለመሥራቱ ግን ምንም አይናገርም። ቶርኖው ሥር አዲስ የብረት ፍቅፋቂ ካለ ብለን ፈለግን፤ ምስሉ ጨለማ ነው፣ አይለይም። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ይህችን ከተማ እንደወለዳት፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ እንደተሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ አሮጌው መስመር ተዳክሟል የሚለው የፊልሙ ሰፊ ሐሳብ እውነት ሊሆን ይችላል። የባዶ ክፍል ምስል ግን ማስረጃው አይደለም። ማስረጃ የሚሆነው የሠራተኞች የፊርማ መዝገብ፣ የጥገና ትእዛዝ ወይም ያው ካሜራ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ገብቶ የሚያየው ነው።

ፊልሙን ላላየ ለሌላው ክፍል አሠራሬን ቀየርሁ። እነዚያኑ 22 ሰከንዶች ሦስት ጊዜ አሳየኋቸው፦ መጀመሪያ ድምፁን ዘግቼ፣ ቀጥሎ ፕሮጀክተሩን ሸፍኜ ድምፁን ብቻ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም አንድ ላይ። በየጊዜው ያዩትን ወይም የሰሙትን ብቻ እንዲጽፉ አደረግሁ። ያለ ድምፅ ሲያዩ አብዛኞቹ ሻይና ቱታ ጻፉ፤ አንዱ «ምሳ ሰዓት» ብሎ ጨመረ። በድምፁ ብቻ «ሐዘን»፣ «ያበቃለት ሥራ» አሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ከብዙዎቹ ወረቀት ላይ ሻዩ ጠፋ። ከ10 ደቂቃ በፊት በገዛ እጃቸው የጻፉትን ዋሽንቱና የተራኪው ድምፅ አስረሷቸው። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያነቡ ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ ማሳመን ለሁለት ሳምንት ከተናገርሁት ይልቅ ያ ጸጥታ ብዙ አስተማረ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዕይታ ስጠይቅ ሰዓት እንዲይዙ አደርጋለሁ። በዚያ ፊልም ኃላፊዎቹ ከአራት ደቂቃ በላይ ይናገራሉ፣ ስማቸውና ማዕረጋቸው ከሥር ይጻፋል። ሠራተኞቹ በጠቅላላው 40 ሰከንድ አላቸው፣ ስም የላቸውም፤ አንደኛው የተቀረጸው ከአጥር ውጭ ሆኖ በፍርግርጉ መካከል ነው። ካሜራው ከማን ጋር እንደቆመ ለማወቅ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ሻዩን ያየችው ልጅ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ሆና በራሷ ተነሣሽነት ጠዋት ወርክሾፑ በር ድረስ ሄደች። ያመጡልኝ ዘገባ ግማሽ ገጽ አይሞላም። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት በር ላይ ቆመን ቱታ የለበሱ ዘጠኝ ሰዎች ሲገቡ አይተናል፤ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ግን አላየንም።»