የክሊኒካችን አዲስ የሥራ ሰዓትና የተጨመሩ አገልግሎቶች

ዛሬ አንዲት እናት ለስኳር ምርመራ ከማታ ጀምሮ ምግብ ሳይቀምሱ ቆይተው 5 ሰዓት ላይ ቢደርሱም፣ በባዶ ሆድ የሚሰጠው የደም ናሙና የሚወሰደው እስከ 4 ሰዓት በመሆኑ ሳይመረመሩ ተመለሱ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ በቀድሞው ማስታወቂያ ክሊኒኩ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት ብቻ እንጂ እያንዳንዱ አገልግሎት የሚሰጥበትን ሰዓት አልጻፍንም ነበር። እኚህን እናት ከልብ ይቅርታ ጠይቀን፣ ለነገ ጠዋት የመጀመሪያውን ተራ ይዘንላቸዋል።

ከሰኞ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ክሊኒኩ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ክፍት ይሆናል፤ ካርድ የሚወጣው ግን ከመዝጊያው አንድ ሰዓት አስቀድሞ ድረስ ብቻ ነው። እሑድ ዝግ ነው።

በባዶ ሆድ የሚደረገው የስኳር ምርመራ ናሙና ከአሁን በኋላ በምድር ቤቱ ላቦራቶሪ በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ይወሰዳል። ከዚያ በፊት ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከምግብ መቆጠብ ያስፈልጋል፤ ውሃ ግን መጠጣት ይቻላል። አዲሱ የአልትራሳውንድ አገልግሎት በአንደኛ ፎቅ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ይሰጣል።