ሥራው ስለበዛ ነው ወይስ ሰው ስለማይቆይበት?

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «አጎቴ፣ አሜሪካ ውስጥ ለወደፊቱ የሚያዋጣው የትኛው ሙያ ነው? የአረጋውያን እንክብካቤ በጣም እያደገ ነው፣ ሠራተኛ ጠፍቷል ይላሉ።» አልዋሹትም። ግማሹን ብቻ ነው የነገሩት።

እኔም ሜሪላንድ እንደመጣሁ የገባሁት በዚሁ በር ነው። ለቃለ መጠይቁ ሱፍ ለበስኩ፣ ዲግሪዬን ከነማኅተሙ በፋይል ያዝኩ። ቀጣሪዋ ፋይሉን ሳትከፍተው በክርኗ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋ አደረገችው። «25 ኪሎ ታነሳለህ? መኪና አለህ? ሰኞ መጀመር ትችላለህ?» በቃ፣ ተቀጠርኩ። አገር ቤት ለጥበቃ ሥራ እንኳ ዋስ አምጣ ይባላል! ያ የተገፋ ፋይል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ጊዜ ያላጠፉት ብዙ እቆያለሁ ብለው ስላልጠበቁ ነው።

ይህ የኔ ምሬት ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩም ይናገራል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ bls.gov/ooh ላይ ስለ እያንዳንዱ ሙያ የአሥር ዓመት ግምት ያወጣል። ከ2023 እስከ 2033 ባለው ግምት፣ በቤት ለቤት እንክብካቤ በየዓመቱ ወደ 719 ሺህ ክፍት ቦታ ይኖራል ተብሎ ነበር። ያስጎመጃል። ሙያው ግን በአሥር ዓመት የሚያድገው በ820 ሺህ ገደማ ነው፤ በዓመት 82 ሺህ መሆኑ ነው። የቀረው 637 ሺህ ሰው ለቆት የሄደ ወንበር ነው። በሥራው ላይ ያለው ሰው 4 ሚሊዮን ገደማ ስለሆነ፣ በየዓመቱ ከስድስት ሰው አንዱ ሙያውን ትቶ ይወጣል ማለት ነው።

ነርሶችን በዚሁ መንገድ አስላቸው። 3.3 ሚሊዮን ናቸው፤ በዓመት ከሚከፈተው 195 ሺህ ቦታ እድገቱ 20 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ለቆ የሚወጣው ከ19 ሰው አንድ ነው፣ በጡረታ የሚወጣውም በዚሁ ውስጥ ነው። በመቶኛ ከሄድክ እንክብካቤው 21፣ ነርስነቱ 6 ነው የሚያድገው። ደመወዙን ስታይ ግን ይገለበጣል። በ2023 የመካከለኛው ተንከባካቢ የዓመት ደመወዝ 33,530 ዶላር፣ የነርሷ 86,070 ነበር።

«ሠራተኛ ከጠፋ ለምን ደመወዝ አይጨምሩም?» ትለኝ ይሆናል። የአብዛኛውን እንክብካቤ ሒሳብ የሚከፍለው ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት መድን ነው፤ ለሰዓት ስንት እንደሚከፈል የሚወስነው ደግሞ ስቴቱ ነው። ኤጀንሲው ቢፈልግም ከዚያ በላይ ብዙ መክፈል አይችልም። ስለዚህ ማስታወቂያው ዓመቱን ሙሉ ተለጥፎ ይኖራል፣ ደመወዙም ባለበት ይረግጣል።

እኛ ሐበሾች ደግሞ ምልክት የምናነበው ከጎረቤት ነው። አንዱ ፓርኪንግ ከገባ ሁሉም ፓርኪንግ፣ አንዱ መኪና ከገዛ ሁሉም ታክሲ። ደመወዝ መጠየቅ አናፍርም፤ «እንዴት ነህ» ሳንል «ስንት ይከፍሉሃል» እንላለን። ፈረንጁ በተቃራኒው የጓደኛውን ደመወዝ መጠየቅ እንደ ስድብ ያየዋል፣ የሁሉንም ሙያ ደመወዝ ግን መንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ዘርግፎታል።

ሜሪላንድ ከጥቅምት 2024 ወዲህ ቀጣሪ በማስታወቂያው ላይ የደመወዙን ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ እንዲጽፍ በሕግ ታስገድዳለች። ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። የአንድ ሙያ ማስታወቂያዎችን ከአንድ ከተማ ሰብስበህ አስቀምጥ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሰህ እየው። ታችኛውን ቁጥር ነው የምታየው። እሱ ከፍ ካለና የሚጠይቁት የሥራ ልምድ ከቀነሰ፣ ሰው በእውነት ጠፍቷል። ማስታወቂያው ያው፣ ቁጥሩም ያው ከሆነ፣ ሰው እየገባ እየወጣ ነው። ደመወዙ ሰማይ ነክቶ ሁሉም «5 ዓመት ልምድ» ካለ፣ ሙያው ቢያድግም በሩ ለጀማሪ አልተከፈተም። በመግቢያ ጉርሻም አትሸወድ። ጉርሻ አንዴ ተሰጥቶ ያልቃል፤ ከገበያው ጋር ከፍ ያለ መደበኛ ደመወዝ ግን በቀላሉ አይወርድም።

የቢሮው ግምት የማያየው ነገርም አለ። በ2021 ሶፍትዌር ፍተሻ በአጭር ኮርስ ተምሮ ያልተቀጠረ ሐበሻ ያለ አይመስልም ነበር። በመጋቢት 2022 የብድር ወለድ መጨመር ጀመረ፣ ኩባንያዎቹ ሠራተኛ መቀነስ ያዙ፣ የጀማሪው ማስታወቂያ ቀድሞ ጠፋ። የአሥር ዓመቱ ግምት ግን እድገት ማለቱን አልተወም። ግምቱ የመንገዱን አቅጣጫ እንጂ ጉድጓዱን አያሳይም።

ልጁን ነርስነት እያሰብክ ከሆነ ግፋበት አልኩት። ግን የትምህርት ማስረጃውን እዚህ የሚመረምሩት ድርጅቶች ከኮሌጁ በቀጥታ ካልተላከ አይቀበሉም። ስለዚህ ከመውጣትህ በፊት ሬጅስትራር ቢሮ ገብተህ፣ ማን እንደሚልክልህ ስሙንና ስልኩን ይዘህ ና።