የአምስተኛ ክፍል ልጅ ያውቃል!!!

ለማንም አልነግርም ብዬ ነበር ግን ሶስት ቀን ሙሉ ማታ ማታ ጣሪያ እያየሁ ስለማስታውሰው ልተንፍሰው።

የፓይተን ሆምወርክ አራሚ ነኝ። ፈንክሽኑ የሙቀት ልኬቶች ሊስት ይቀበላል፣ አማካዩን ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቶ ይመልሳል። መፈተሻ አዘጋጀሁ፦ ባዶ ሊስት፣ አንድ ቁጥር ብቻ ያለበት፣ ከዛ `[2, 3]`። ለመጨረሻዋ የሚጠበቀውን መልስ በጭንቅላቴ ነው ያሰላሁት፣ 2.5 አይደል፣ 3 ነው፣ ለዚህ ደግሞ ማን ኮድ ያስኬዳል?

(በነገራችን ላይ `return` በሚባልበት ቦታ `print` የምትጽፉ ሰዎች ምን አድርጌያችሁ ነው? ስክሪኑ ላይ ትክክለኛው ቁጥር ቁጭ ብሎ ይታየኛል፣ መፈተሻው ግን የደረሰኝ `None` ነው ይለኛል፣ ግማሽ ቀን እዚህ ላይ አለቀ።)

ከ31 ተማሪ 22ቱ `[2, 3]` ላይ ወደቁ። 22 ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲወድቅ ጤነኛ አራሚ መጀመሪያ የራሱን መልስ ያያል። እኔ ግን ተኮራርጀው ነው አልኩና ለ22ቱም "2.5 ሲጠጋጋ 3 መሆኑን የአምስተኛ ክፍል ልጅ ያውቃል!!!" ብዬ ኮሜንት ለጠፍኩ። በሶስት ቃለ አጋኖ።

በማግስቱ አንዷ ቀስ ብላ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ይቅርታ፣ አንዴ እዚሁ ቢያስኬዱት?" በፕሮጀክተር፣ በሰው ፊት፦

```python
>>> round(2.5)
2
>>> round(3.5)
4
>>> round(4.5)
4
```

ፓይተኑን ዘግቼ ከፈትኩት። ያው 2። ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ የአምስተኛ ክፍል ልጅ እንጥራ?" አለ።

ለካ ፓይተን 3 ልክ ግማሽ ላይ ሲደርስ የሚያጠጋጋው ወደ ተጋማሹ ቁጥር ነው። ምክንያትም አለው፦ 0.5፣ 1.5፣ 2.5 እና 3.5 ሲደመሩ 8 ናቸው፣ ሁሌ ወደ ላይ ካጠጋጋን ግን 1፣ 2፣ 3፣ 4 ሆነው ድምሩ 10 ይገባል። በፓይተን 0፣ 2፣ 2፣ 4፣ ድምሩ 8። ጥያቄው ላይ ደግሞ ግማሽ ወዴት ይሂድ የሚል አንድ ቃል አልጻፍኩም።

የባሰው ግን ሙሉ ማርክ የሰጠኋቸው 9 ልጆች ናቸው። ሁሉም የጻፉት `int(x + 0.5)` ነው። `[-3]` ስሰጠው -2 አለኝ! `int` አስርዮሹን ቆርጦ ወደ ዜሮ ነዋ የሚሄደው። ሙቀት እያልኩ ከዜሮ በታች አንድም ቁጥር መፈተሻው ውስጥ አላስገባሁም።

22ቱን ኮሜንት አንድ በአንድ አጠፋሁ። የክፍሉ ግሩፕ ፕሮፋይል ፎቶ ግን አሁንም ስክሪንሾቱ ነው፣ ከነቃለ አጋኖዎቹ።